የአንድ ማር ቤት ገጽ ምን ይለጥፋል? ማስተማር፣ ማዝናናትና መሸጥ በአንድ እቅድ

ከጅማ መርካቶ ብዙም የማይርቅ አንድ ማር ቤት አለ። ባለቤቷ እናት ናቸው፤ ስልኩን የያዘችው ልጃቸው ናት። እናትየው ማሩን ቀምሰው ከየትኛው ወረዳ እንደመጣ ይናገራሉ። ልጅቷ ደግሞ የቴሌግራም ቻናሉን፣ የፌስቡክ ገጹንና ቲክቶኩን ታስተዳድራለች። ባለፈው ዓመት እኔን ሲጠሩኝ ችግራቸውን በአጭሩ ነገሩኝ።

"ልጄ፣ በየቀኑ እንለጥፋለን። ሰው ግን ዝም" አሉኝ እትዬ።

የነሱን ገጽ ያስተካከልንበትን መንገድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እጽፈዋለሁ። ንግዳችሁ ማር ባይሆንም ሥራው ያው ነው፤ ማሩን በራሳችሁ ዕቃ ተኩት። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልናገር። "80 በመቶ አስተምር፣ 20 በመቶ ሽጥ" የሚባል ቀመር ሰምታችሁ ይሆናል። እኔ አልጠቀምበትም። ለምን እንደሆነ ወደ ታች እንደርስበታለን።

መጀመሪያ፦ ያለፉትን 30 ፖስቶች ቁጠሩ

እቅድ ከማውጣት በፊት ያለው ነገር ይታይ። የመጨረሻዎቹን 30 ፖስቶች ክፈቱና ወረቀት ላይ በአራት ክፍል መድቧቸው። መመደቢያው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህን ያየ ሰው ቀጥሎ ምን እንዲያደርግ ነው የተለጠፈው?

እንዲገዛ ከሆነ መሸጫ ነው። ለሚያስፈልገው ቀን እንዲያስቀምጠው ከሆነ ማስተማሪያ ነው። ለጓደኛው እንዲልከው ወይም ኮመንት ላይ እንዲከራከርበት ከሆነ ማዝናኛ ነው። አራተኛው ክፍል ደግሞ "ለምን እንደተለጠፈ የማይታወቅ" ነው። በማር ቤቱ ገጽ 21ዱ መሸጫ ነበሩ። ስድስቱ አራተኛው ክፍል ውስጥ ገቡ፤ አብዛኞቹ ከሌላ ቦታ የወረዱ የበዓል ምኞቶች ናቸው። ሁለቱ ማዝናኛ ነበሩ፤ ሁለቱም የሰው ቪዲዮ። ማስተማሪያው አንድ ብቻ ነበር።

21ዱ መሸጫዎች ላይ ያለው ፎቶ አንድ ነው። ያው ባለ አንድ ኪሎ ማሰሮ፣ ያው ጠረጴዛ፣ "ንጹህ የጅማ ማር፣ ይደውሉ" የሚል ጽሑፍ። ሰው ዝም ማለቱ አይገርምም። ለሃያ አንደኛ ጊዜ ምን ይበል?

ምሰሶና ዓላማ አይምታቱባችሁ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ኮንተንት ፒላር ወይም የይዘት ምሰሶ ሲባል "ማስተማር፣ ማዝናናት፣ መሸጥ" የሚሉትን ሦስት ቃላት ይጽፍና ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ከዚያ ሰኞ ማስተማሪያ፣ ረቡዕ ማዝናኛ፣ ዓርብ ማስታወቂያ ይላል። ውጤቱን አይቼዋለሁ። ሰኞ ከኢንተርኔት የተገለበጠ ስለ ንብ የሚያወራ ነገር ይወጣል። ረቡዕ የተማሪ ቀልድ። ዓርብ ዋጋ። በአንድ ስም ሦስት ገጽ ማለት ነው። ለቀልዱ የመጣው ሰው ማር አይገዛም፤ ማር ፈልጎ የመጣውም ቀልዱን ዝም ብሎ ያልፈዋል።

ምሰሶ ማለት ርዕሰ ጉዳይ ነው፦ ሱቁ በደንብ የሚያውቀው፣ ገዢውም የሚጠይቀው ነገር። ማስተማር፣ ማዝናናትና መሸጥ ደግሞ በዚያ ርዕስ ላይ የምትሠሩት ሥራ ናቸው። ስለዚህ አንዱ ምሰሶ ላይ ሦስቱንም ሥራ መሥራት ይቻላል። መቻልም አለበት። በአንድ ርዕስ ማስተማር ብቻ ከሆነ የሚቻለው፣ ርዕሱ ከምትሸጡት ዕቃ ርቋል ማለት ነው።

ምሰሶዎቹን ግን ቁጭ ብላችሁ አታስቧቸው፤ ከደንበኛ አፍ ውሰዷቸው። ለልጅቷ አንድ ደብተር ሰጠኋትና ለሁለት ሳምንት ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። የሚጠየቀው ሁሉ እንደ አነጋገሩ ይጻፋል፤ በኦሮምኛ ከተጠየቀ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ ከሆነ በአማርኛ። ኢንቦክስ የገባውም ወደዚያው ይገለበጣል። ወደ 50 የሚጠጋ ጥያቄ ተሰበሰበ። ዋጋና ማድረስን የሚመለከተውን ለይተን አስቀመጥን፤ እሱ ምሰሶ አይደለም፣ የመሸጫ ፖስት መረጃ ነው። የቀረው ራሱ በሦስት ተከፈለ።

ትልቁ "ንጹህ ነው ወይስ ስኳር ገብቶበታል?" የሚለው ነው። "ለምን ረጋ?" የሚለውም እዚሁ ውስጥ ነው፤ የረጋ ማር ያየ ሰው ስኳር የገባበት ይመስለዋልና። ሁለተኛው "ከየት ነው የመጣው? ይሄ ለምን ነጭ ሆነ፣ ያኛው ለምን ጠቆረ?" የሚል ነው። ሦስተኛው "በቤት እንዴት ላስቀምጠው? ብርዝ በስንት ማር ይበጠበጣል? ለጠጅ የትኛው ይሻላል?" ነው። እነዚህን ንጽሕና፣ ጫካው እና ማር በቤት ብለን ሰየምናቸው። በቃ ሦስት። አራተኛ ለመጨመር ያምራችኋል፤ ተዉት። በሳምንት አራት ፖስት የሚሠራ ሰው አምስት ምሰሶ ከያዘ፣ ተከታዩ አንዱን ርዕስ ሳይለምደው ይረሳዋል።

ዘጠኙን ሳጥን ሙሉ

አሁን ወረቀት ላይ ሰንጠረዥ ሥሩ። ወደ ታች ሦስቱ ምሰሶዎች፣ ወደ ጎን ሦስቱ ሥራዎች። ዘጠኝ ሳጥን ይሆናል። በእያንዳንዱ ቢያንስ ሁለት የፖስት ሐሳብ ይግባ። ሁሉንም እዚህ መዘርዘር አሰልቺ ስለሚሆን በጣም የለፋንባቸውን ሁለት ሳጥኖች ላሳያችሁ።

የመጀመሪያው ንጽሕና ላይ የማስተማሪያው ሳጥን ነው። ልጅቷ መጀመሪያ ያሰበችው "ንጹህ ማር በክብሪት እንዴት ይለያል" የሚል ቪዲዮ ነበር። ብዙ ሰው የሚያየው ዓይነት ነው። ግን እውነት አይደለም። በማር የተነከረ ክብሪት መንደድ አለመንደዱ የሚናገረው ስለ እርጥበቱ ነው። ውሃ ውስጥ ጠብ አድርጎ ማየትም የሚነግራችሁ ውፍረቱን ነው። በደንብ የወፈረ የስኳር ሽሮፕ ሁለቱንም ፈተና ያልፋል፤ ቀጠን ያለ ንጹህ ማር ደግሞ ሊወድቅ ይችላል። እርግጠኛ የሚያደርገው የላቦራቶሪ ምርመራ ብቻ ነው። ይህን በይፋ መናገር ለሱቅ አስፈሪ ይመስላል። እትዬ ግን ወዲያው ተስማሙ። "ነገ አንዱ በራሴ ክብሪት መጥቶ ቢያሳፍረኝስ?" አሉ። ማር ቀጭን በሚሆንበት ወቅት ይህ የሚሆን ነገር ነው።

ስለዚህ ያስተማርነው የሚረጋበትን ምክንያት ነው። ማር ውስጥ በዋናነት ሁለት ዓይነት ስኳር አለ፤ ግሉኮስና ፍሩክቶስ። ግሉኮሱ ከማሩ እየተለየ እንደ ጥራጥሬ ሲቀመጥ ማሩ ይረጋል። ግሉኮስ የበዛበት ማር ቶሎ ይረጋል። ቅዝቃዜውም ያፋጥነዋል፤ 14 ዲግሪ አካባቢ በጣም ይመቸዋል። የጅማ ሌሊት ሲቀዘቅዝ መደርደሪያ ላይ ያለው ማር ነጭ የሚሆነው ለዚህ ነው። መፍትሔው ማሰሮውን እጅ የሚችለው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ፣ 40 ዲግሪ አካባቢ፣ እስኪላላ ማስቀመጥ ነው። እሳት ላይ መጣድ የለም፤ ሽታውንም ጣዕሙንም ያጠፋዋል። ይህ ሁሉ በ50 ሰከንድ ቪዲዮ ተነገረ። የረጋው ማሰሮ፣ ለብ ያለው ውሃ፣ ከዚያ የላላው ማር። እትዬ በኦሮምኛ ተናገሩ፤ አማርኛው ከሥር በጽሑፍ ወጣ። ሁለት ቋንቋ አንድ ረጅም ጽሑፍ ውስጥ ከመቀላቀል ይህ ይሻላል፤ የተቀላቀለውን ሁለቱም ወገን ግማሹን ብቻ ነው የሚያነበው።

ማስተማሪያ ፖስት ሲጻፍ አንድ ፈተና አለኝ። የሱቁን ስም በጣታችሁ ሸፍኑት። ያው ጽሑፍ በየትኛውም ማር ቤት ገጽ ላይ መሄድ ከቻለ ገና አልበሰለም። "ማር ለጤና ጠቃሚ ነው" ይወድቃል። የእትዬ እጅ፣ የጅማ ብርድና ደንበኛው ይዞት የተመለሰው ማሰሮ ያለበት ያልፋል። የጤናን ነገር ካነሳን ደግሞ፣ "ስኳር በሽታን ያድናል" የሚል ነገር በገጻችሁ አይውጣ። ማር ራሱ ስኳር ነው። ይልቅ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር እንደማይሰጥ ጻፉ። ምክንያቱ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ ሕመም የሚያመጣ ባክቴሪያ ማር ውስጥ ሊኖር ስለሚችል ነው። ይህን የሚጽፍ ሻጭ ዛሬ አንድ ማሰሮ ይቀርበት ይሆናል፤ እናቶች ግን ያስቀምጡታል፣ ይላላኩታል።

ማዝናኛው ከዕቃው አይራቅ

ሁለተኛው የለፋንበት ሳጥን ጫካው ላይ ያለው ማዝናኛ ነው። ከዚህ በፊት ገጹ ላይ ከወጡት ሁለት ማዝናኛዎች አንዱ ከቲክቶክ የወረደ የሠርግ ቀልድ ነበር። ከገጹ ሁሉ የበለጠ የታየው እሱ ነው። ተከታይም አምጥቷል። ልጅቷ በሱ ደስ ብሏት ነበር። እኔ የጠየቅኳት ግን በዚያ ሳምንት ስንት ሰው ኢንቦክስ እንደገባ ነው። ማንም። ጉዳቱ በዚህ አላበቃም። ለቀልድ የመጣው ሰው ቀጣዩን የማር ቪዲዮ ሳያይ ያልፋል፤ ቲክቶክም ሰው የማያየውን ቪዲዮ ለሌላ ሰው ማሳየቱን ይቀንሳል። ስለዚህ ከቀልዱ በኋላ የወጡት ሁለት ፖስቶች ከበፊቱም ያነሰ ሰው አያቸው። ምልክቱ ይህ ነው፦ አንዱ ፖስት ሰማይ ይነካል፣ ተከትለው የሚመጡት ከድሮው በታች ይወርዳሉ።

የኔ ፈተና ቀላል ናት። ማሩን ከቪዲዮው ብታወጡት ያስቃል? የሚያስቅ ከሆነ ማዝናኛው የእናንተ አይደለም።

በምትኩ ሦስት ማሰሮ ደረደርን። አንዱ ነጭ፣ አንዱ ወርቃማ፣ አንዱ ጠቆር ያለ። ቴሌግራም ላይ በድምፅ መስጫ "ነጩ ከየትኛው አበባ ነው?" ብለን ጠየቅን፤ ምርጫዎቹ ገተማ፣ ግራዋ፣ ብሳና። ቴሌግራም ድምፅ መስጫው ላይ ትክክለኛውን መልስ የሚያሳይ የፈተና ዓይነት አለው፤ እሱን ተጠቀምን። ነጩ የገተማ ነው። የገጠር ዘመድ ያለው ሁሉ ተነሳ። "አባቴ ቀፎ የሚሰቅለው ዛፍ ላይ ነው" የሚል መጣ፤ "የኛ አገር ግራዋ እንዲህ አይጠቁርም" የሚል መጣ። ክርክሩ ሁለት ቀን ቆየ። እትዬ ማታ ማታ ኮመንቱን እያስነበቡ ይስቁ ነበር። ሌላው የሠራልን የልጅቷ ወንድም ቀፎ ሊያይ ሄዶ ከንብ ሲሮጥ የተቀረጸው ቪዲዮ ነው። ለቀረጻ የታሰበ አልነበረም። ጥሩው ማዝናኛ ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው የሚገኘው፤ ስልኩ ክፍት ይሁን ብቻ።

ማር በቤት ላይ ደግሞ "ማር በቂጣ ወይስ ማር በማንኪያ?" የሚል ጥያቄ በቂ ነበር። ምንም ቪዲዮ አላስፈለገውም።

መጠኑን ከመጋዘኑ ቆጥራችሁ ድረሱበት

አሁን ወደ ቀመሩ። ሰው "ስንት ለስንት ልለጥፍ?" ሲለኝ መልሴ "ስንት ማሰሮ አለህ?" ነው። ማር ወቅት አለው። እዚህ አካባቢ የግራዋ ማር ከጥር በኋላ፣ ነጩ ደግሞ ከሚያዝያና ከግንቦት ወዲህ ይመጣል፤ እንደ ቆላና ደጋው ይለያያል። መጋዘኑ ሙሉ በሆነበት ወርና ባዶ በሆነበት ወር አንድ ዓይነት መጠን መለጠፍ ትርጉም የለውም።

ሒሳቡን በማር ቤቱ እንሥራው። ነጭ ማር 150 ኪሎ ገባ። በሦስት ወር እንዲያልቅ ተፈለገ፤ በወር 50 ኪሎ ማለት ነው። ሱቁ ድረስ የሚመጣ ደንበኛ በወር 20 ኪሎ ያህል ይወስዳል። የቀረው 30 ኪሎ በገጹ መሸጥ አለበት። ከዚያ የትእዛዝ ደብተሩን አየን። በየቀኑ ሲለጥፉ አንድ መሸጫ ፖስት በአማካይ አንድ ትእዛዝ ያመጣ ነበር። ገጹ ለሳምንት ጸጥ ብሎ ሲመለስ ግን አንዱ ፖስት አምስት ያህል አምጥቷል። አንድ ትእዛዝ ወደ አንድ ኪሎ ነው። 30ን ለአምስት ስናካፍል ስድስት መሸጫ ፖስት በወር ይበቃል።

ቀጥሎ እውነተኛ አቅማችሁን ቁጠሩ። ልጅቷ ተማሪ ናት፤ ሳትጎዳ በሳምንት አራት ፖስት ትሠራለች። በወር 16። ስድስቱ መሸጫ ከሆኑ አሥር ይቀራል። ስድስቱን ማስተማሪያ፣ አራቱን ማዝናኛ አደረግን። ማስተማሪያው የበዛው ከደብተሩ የተነሳ ነው። ትልቁ ጥያቄ "ንጹህ ነው?" ነበር፤ ያልተማመነ ሰው ደግሞ ስለሳቀ ብቻ አይገዛም። ሰው በጥራቱ የማይጠራጠረው ዕቃ ብትሸጡ፣ ለምሳሌ የልጆች ልብስ ቢሆን፣ ማዝናኛውን አበዛው ነበር።

ማሩ ከመግባቱ በፊት ባለው ወር መሸጫው ወደ አንድ ይወርዳል፤ "በዚህ ሳምንት ይገባል፣ ስም አስመዝግቡ" የሚል ብቻ። ረመዳን ሲመጣ ማር በቤት የሚለው ምሰሶ ቦታ ይጨመርለታል፤ ማታ ብርዝ የሚበጠብጠው ቤት ብዙ ነው። ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን እንደሚቀድም አትርሱ፤ የአምናውን እቅድ ገልብጣችሁ ቀኑ እንዳያልፍባችሁ።

ሒሳቡ ግን ከ16ቱ ከግማሽ በላይ መሸጫ ያስፈልጋል ካላችሁ ቆም በሉ። ያኔ ችግሩ ገጹ አይደለም። ዕቃው በዝቷል፣ ወይም ዋጋው አልተስማማም፣ ወይም በጅምላ የሚወስድ ጠጅ ቤትና ካፌ መፈለግ አለበት። ይህን በፖስት ብዛት ልሸፍን ያለ ሰው ወደ ዜሮው ሲመለስ አይቻለሁ።

ወሩን መደርደርና መቅረጽ

አደራደሩ ላይ ሁለት ሕግ ብቻ ይዘናል። ሁለት መሸጫ አይከታተሉ። ከእያንዳንዱ መሸጫ በፊት የሚወጣው ፖስት ከዚያው ምሰሶ ይሁን። ስለ መርጋት ያስተማረው ቪዲዮ ማክሰኞ ከወጣ፣ ሐሙስ የሚሸጠው "ረግቶ ቢያገኙት እንመልሳለን፣ እናላላለን" የሚል ነው። የአበባው ክርክር ካለፈ በኋላ ነጩ ማር ይሸጣል። ሰው ልቡ ገና እዚያው ስለሆነ ማስታወቂያው እንግዳ አይሆንበትም። የመጀመሪያው ሳምንት ይህን ይመስል ነበር፦

- ሰኞ፦ ሦስቱ ማሰሮዎች፣ ድምፅ መስጫ (ጫካው፣ ማዝናኛ)
- ረቡዕ፦ የነጩ ማር መሸጫ (ጫካው)
- ዓርብ ማታ፦ ለምን ይረጋል? (ንጽሕና፣ ማስተማሪያ)
- እሑድ፦ ብርዝ አበጣበጥ (ማር በቤት፣ ማስተማሪያ)

ቀረጻው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ ሐሙስ። ሐሙስ ገበያ ነው፤ ማሩ ከገጠር የሚገባው፣ ወሬው የሚደራው ያን ቀን ነው። ልጅቷ በሁለት ሰዓት ውስጥ ለሳምንቱ የሚበቃ ትቀርጻለች። መብራትና ኔትወርክ አይታመንምና ቴሌግራም ላይ አስቀድማ በሰዓት ታስቀምጠዋለች፤ የመላኪያውን ቁልፍ ተጭኖ መያዝ ነው፣ `Schedule Message` የሚል ይመጣል።

ገበያ ላይ ስትቀርጹ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ማር ያመጣውን ገበሬ ሳትጠይቁ ፊቱን አታውጡ። ሁለተኛውን እኛ በስህተት ነው የተማርነው። አንዱ ቪዲዮ ላይ እትዬ ከገበሬው ጋር ሲከራከሩ የመግዣው ዋጋ ይሰማል። ኮመንቱ ወዲያው "በዚህ ገዝታችሁ በዚያ ትሸጣላችሁ?" ሆነ። ማጣሪያው፣ ማሰሮው፣ ትራንስፖርቱ ማንም ትዝ አላለውም። አጠፋነው። ከመለጠፍ በፊት ቪዲዮውን አንድ ጊዜ ዓይን ጨፍኖ መስማት ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ።

መሸጫው እንዴት ይጻፍ

"ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ" ይላሉ፤ ግን ባጭሩ ይናገሩ። የመጀመሪያው መስመር ዕቃውን ይበል፦ "ነጭ ማር፣ የዚህ ወር ቆረጣ።" ከዚያ መጠኑ፣ ዋጋው፣ የት እንደሚገኝ፣ አዲስ አበባ ላለ ሰው በአውቶቡስ እንዴት እንደሚላክ፣ ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ መሆኑ። ስንት ኪሎ እንደቀረም ይጻፍ፤ እውነት ከሆነ ብቻ።

"ዋጋ በኢንቦክስ" አትበሉ። ሰው ሊጠይቅ ያፍራል ወይም ይሰለቻል፤ ልጅቷም ቀኑን ሙሉ አንድ መልስ ስትጽፍ ትውላለች። ዋጋው ግን ፎቶው ላይ አይጻፍ፣ ከሥሩ በጽሑፍ ይሁን። ፎቶ ከገጽ ወጥቶ ከግሩፕ ወደ ግሩፕ ይዞራል። ከአራት ወር በኋላ አንዱ የድሮውን ፎቶ ይዞ መጥቶ "ይኸው የራሳችሁ ዋጋ" ይላል። ማር ቤቱ ላይ ይህ ደርሷል፤ እትዬ ለክብራቸው ብለው በድሮው ዋጋ ሸጡለት። ጽሑፉን ግን ገጹ ላይ ማስተካከል ይቻላል።

በወሩ መጨረሻ ሦስቱን በአንድ ሚዛን አትመዝኑ

መሸጫ በትእዛዝ ይቆጠራል። ላይኩን እርሱት። ማስተማሪያ በተቀመጠውና በተላከው ይቆጠራል፤ ቲክቶክና ፌስቡክ ላይ ሴቭና ሼር፣ ቴሌግራም ላይ ወደ ሌላ የተላከው። ማዝናኛ በኮመንት ይቆጠራል፤ ግን ስለ ማር የሚያወራውን ኮመንት ብቻ ቁጠሩ። ልብና እሳት ብቻ የደረደረውን ተዉት። ቴሌግራም ላይ የምታዩት የተመልካች ቁጥር ፖስቱ ሌላ ቦታ ተልኮ የታየበትንም ይጨምራል። ስለዚህ ከተከታያችሁ ቁጥር ቢበልጥ አትደንግጡ።

አማካይ ከመውሰድ መካከለኛውን ውሰዱ። ስድስቱን ማስተማሪያ በቁጥራቸው ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሩና መሐል ያሉትን ሁለቱን እዩ። አንድ የገነነ ቪዲዮ ካለ አማካዩ ስለሱ ብቻ ነው የሚያወራው፤ የሌሎቹን ድካም ይደብቃል።

አንድ ተጨማሪ ነገር ትእዛዝ ሲመጣ ይጠየቅ፦ "የቱን አይተው መጡ?" መልሱ ደብተሩ ላይ ይጻፍ። ይህን ካላደረጋችሁ ቀጣዩን ወር በተሳሳተ ቁጥር ነው የምታቅዱት። በማር ቤቱ የመጀመሪያ ወር ስድስቱ መሸጫዎች 30 ሳይሆን 22 ትእዛዝ አመጡ። ሒሳባችን የከሸፈ መሰለን። ደብተሩ ላይ ግን ሌላ ዘጠኝ ሰው ነበር። ሁሉም "ያ ስለ መርጋት የተናገራችሁት" ብለው የመጡ ናቸው። ዋጋ እንኳ ያልተጻፈበት ፖስት ነው። ስለዚህ በሁለተኛው ወር መሸጫውን ወደ አምስት ቀንሰን ንጽሕና ላይ አንድ ማስተማሪያ ጨመርን። የአንድ ወር ቁጥር ትንሽ ነው፤ ከአንድ ፖስት በላይ አትቀይሩ። ሁሉንም ባንዴ ከገለበጣችሁት የትኛው እንደሠራ አታውቁም።

ከማዝናኛው አንዱ፣ ስለ ጠጅ የተሠራው፣ ጸጥ አለ። ምክንያቱን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገም። ብዙው የገጹ ተከታይ ሙስሊም ነው። የኔ ጥፋት ነው፤ እትዬን አስቀድሜ ብጠይቃቸው ይነግሩኝ ነበር። በቦታው ብርዝ ገባ።

በሦስተኛው ወር ነጩ ማር ከታሰበው ሳምንት ቀድሞ አለቀ። ልጅቷ እቅዱ ላይ የቀሩትን ሁለት መሸጫዎች ልትለጥፍ ነበር፤ ተጽፈው አልቀዋልና። አስቀረናቸው። በአንዱ ቦታ "ነጩ ማር አለቀ፣ ቀጣዩ ሲቆረጥ የሚፈልግ ስሙን ይላክ" ብለን ጻፍን፤ 14 ሰው ስሙን ላከ። በሌላው ቦታ ባዶውን መደርደሪያ ቀረጸችው፤ እትዬ ከጎኑ ቆመው "ምን ታያለህ፣ ሂድ ንቧን ጠይቃት" ይላሉ። ማር ሳይኖርበት ስለ ማር የሚያወራ ማዝናኛ ይህ ብቻ ነው የገጠመኝ። ዝርዝሩ አሁንም ደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ አለ፤ የሚቀጥለው ማር ሲገባ የመጀመሪያው መልእክት ለነሱ ነው፣ ገጹ ላይ የሚወጣው ከዚያ በኋላ።